በእቁቡ ብር ስፌት መኪና ልግዛ ወይስ ኦቨን?

«ሰላም እትዬ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ክፍል ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው። ቆጣሪው ከአከራዬ ጋር የጋራ ነው። ሰሞኑን እቁብ ደረሰኝና ቤት ውስጥ የምሠራበት ነገር ልገዛ አስቤያለሁ። ብሩ ስፌት መኪና ወይም ትንሽ ኦቨን ይገዛል፤ ሁለቱንም አይገዛም። ስፌት ስድስት ወር ተምሬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙም አልሠራሁበትም። ኬክ ግን በጎረቤት ኦቨን እጋግራለሁ፤ የቀመሰው ሁሉ ‹አንቺ እኮ ኬክ ቤት መክፈት ነበረብሽ› ይለኛል። እህቴም ኦቨኑን ግዢ ትላለች። መኪና ከገዛሁስ ባለ እግሩ ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪኩ? እባክሽ ምከሪኝ።»

የኔ እህት፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናያለን። መኪናውን ግዢ። ባለ እግሩን።

ኬክሽ እንደሚጣፍጥ አልጠራጠርም። ግን በነፃ የበላ ሰው ሲያመሰግን ስንት ብር እንደሚከፍል አይነግርሽም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ዕቃው ተገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ፣ በማግስቱ ጥሬ ዕቃውን የሚያመጣው ማነው?

አንድ ተራ ኬክ እንውሰድ። 4 እንቁላል፣ ሩብ ኪሎ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሩብ ኪሎ ቅቤ። በቀን አራት ብትጋግሪ 16 እንቁላል፣ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ኪሎ ቅቤ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ኬኩ ከመሸጡ በፊት ከኪስሽ ይወጣል። የእቁቡ ብር ደግሞ ኦቨኑ ላይ አልቋል። አንዱ ኬክ ሳይሸጥ ካደረ ዋጋው ይወርዳል፤ ሦስት ቀን ከቆየ ልጆችሽ ይበሉታል።

ስፌት ላይ ግን፣ በተለይ ጥገና ላይ፣ ደንበኛዋ ልብሱን ይዛ ትመጣለች። ያንቺ ወጪ ክርና መርፌ ነው። በቀን ሦስት አባያ አሳጠርሽ፣ ሦስት ሱሪ አሳጠርሽ፣ አንድ ዚፕ ቀየርሽ እንበል። መኪና የላይና የታች ክር አንድ ላይ ስለሚጠቀም፣ ለአንድ ሜትር ስፌት ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ክር ይበላል። የአባያ ጠርዝ ዙሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ሰባት ሜትር ገደማ ይፈጃል። የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ተደምሮ ከ30 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ባለ 400 ሜትር አንድ ጥቅል እንዲህ ያለ ሥራ ከአሥር ቀን በላይ ያሠራል። ቀለሙ ስለሚለያይ አራት አምስት ዓይነት ጥቅል ያስፈልግሻል። ቢሆንም ከ16 እንቁላል ጋር አይወዳደርም።

ይሄኔ እህትሽ «ኬክ እኮ ትርፉ ብዙ ነው» ትልሽ ይሆናል። ልክ ናት፣ የልደት ትዕዛዝ ከመጣ። ችግሩ ትዕዛዙ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣና በሚቀጥለው ሳምንት ይጠፋል። የጅማን ገበያ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም፤ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ነው። በረመዳን ሙስሊሙ ቀን አይበላም፤ ማታ የሚፈለገው ደግሞ ሳምቡሳ ነው፣ እሱም በዘይት ይጠበሳል እንጂ ኦቨን አይፈልግም። ዳቦ እጋግራለሁ ብትይ ትልልቅ ምድጃ ካላቸው ዳቦ ቤቶች ጋር በዋጋ መፎካከር አትችይም። የጾም ኬክ በዘይት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ግን እሱ ራሱን የቻለ ገበያ ነው፣ መጀመሪያ መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንምጣ። ለእኔ ነገሩን የቆረጠው እሱ ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኦቨን ብዙውን ጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት 2000 ዋት ማለት 9 አምፔር ገደማ ነው። የብዙ ኪራይ ግቢ ሽቦ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። አከራይሽ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር ስትጀምር ምጣዱ ከኦቨንሽ በላይ ይስባል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል ወይ ሽቦው ይግላል። ሶኬቱን በእጅሽ ስትነኪው ካቃጠለሽ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ፣ ኦቨኑ ሲበራ አምፖሉ ከፈዘዘ፣ ያ ሽቦ ሥራውን አይችለውም። በማከፋፈያ ገመድ ማራዘም ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ከዚያ የወሩ መጨረሻ ይመጣል። የጋራ ቆጣሪ ላይ «የማን ነው ይሄ ሁሉ ሂሳብ?» የሚለው ጥያቄ ከአከራይ ጋር ያጣላል።

ሽቦው ቢችልም ማታ ማታ ኃይሉ ይወርዳል። 220 የነበረው ቮልት ወደ 180 ቢወርድ የኦቨኑ ሙቀት በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ የሚያገኘው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። ኬኩ በሰዓቱ አይበስልም። ላዩ ይደርቃል፣ መሀሉ ሊጥ ይሆናል። መብራት መሀል ላይ ከጠፋማ ገና ያልጠነከረ ኬክ ይሰምጣል፤ መብራቱ ሲመለስም አይነሳም። በጎረቤትሽ ኦቨን ስትጋግሪ ይሄ አላስጨነቀሽም፤ ቢበላሽ ልጆቹ ይበሉታል፣ አለቀ። ለቅዳሜ ልደት ቀብድ የተቀበልሽበት ኬክ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ባለ እግር መኪናን የምመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል፤ ቆጣሪ አያንቀሳቅስም። ትንንሾቹ የቤት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቆንጆ ናቸው፣ ዚግዛግም ይሰፋሉ። ግን ብዙዎቹ ውስጣቸው ፕላስቲክ ነው፤ ጂንስ ሲበዛባቸው ያቅታቸዋል። የድሮው ብረት መኪና ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ቢሰፋም ጂንስ አራት እጥፍ ያልፋል፤ መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል።

ብሩ አዲስ ቢገዛልሽ እንኳ ሁሉንም መኪናው ላይ አታራግፊ። ለጥሩ መቀስ፣ ለሜትር፣ ለክር፣ ለተለያየ ቁጥር መርፌና ለካውያ የሚሆን አስተርፊ። ካውያውን ቀላል አድርገሽ አትዪው። በካውያ ያልተተኮሰ ጠርዝ ምንም ያህል ቀጥ ብሎ ቢሰፋ የልምምድ ሥራ ይመስላል። የከሰል ካውያ ከሆነ መብራት አትለምኚም። አመዱ ልብስ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ተጠንቀቂ።

ያገለገለ መኪና ከሆነ የምትገዢው፣ የጅማ መርካቶ ሐሙስ ገበያ ቀን አትሂጂ። ሻጩ ሰው ይበዛበታል፤ አንቺ ደግሞ ተቀምጠሽ ሰፍተሽ ካላየሽ ምንም አታውቂም። ሌላ ቀን ጠዋት ሂጂ። ቦርሳሽ ውስጥ የራስሽን አዲስ መርፌ፣ የራስሽን ክር፣ አንድ ቁራጭ አቡጀዲና አንድ የአሮጌ ጂንስ እግር ያዢ። ሻጩ ያዘጋጀልሽ ጨርቅ ላይ ማንኛውም መኪና ያምርበታል!

መጀመሪያ ክር ሳታስገቢ በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጅሽ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ አዙሪው። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ወይም የሚንቋቋ ነገር ካለ ምክንያቱን ጠይቂ። ቀጥሎ መርፌው የሚታሰርበትን ዘንግ በጣትሽ ይዘሽ ወደ ጎን ነቅንቂው። በደንብ ከተወዛወዘ አርጅቷል። መርፌው ሥር ያለውን ሳህን አስከፍተሽ ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች እዪ። የጅማ ዝናብና እርጥበት ብረት አይምርም። ላዩ ዝገት ቢኖር ይጸዳል። ጥርሱ ራሱ ዝጎ ከደነዘዘ ግን ጨርቅ አይገፋም።

ከዚያ የራስሽን መርፌ አስገብተሽ አቡጀዲውን አጥፈሽ አንድ ስንዝር ስፊ። ክሩን ስታስገቢ የጨርቅ መጫኛው እግር ከፍ ብሎ ይሁን፤ አለበለዚያ ክሩ መወጠሪያው ውስጥ በትክክል አይገባም። አሁን ጨርቁን ገልብጠሽ ሁለቱንም ፊት እዪ። ጥሩ ስፌት ላይ የላይኛውና የታችኛው ክር የሚቆላለፉበት ቋጠሮ በሁለቱ ጨርቆች መሀል ተደብቆ ይቀራል፤ ከላይም ከታችም አንድ ይመስላል። ከታች በኩል ክሩ ቀለበት ቀለበት ከሠራ የላይኛው ክር ላልቷል። ከላይ በኩል ክሩ እንደ ገመድ ተጋድሞ የታችኛው ክር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከወጣ የላይኛው ጠብቋል ወይም የታችኛው ላልቷል። ይሄ በማስተካከል የሚድን ስለሆነ አያስደንግጥሽ። የታችኛውን ለማወቅ ቦቢኑን ከነቤቱ አውጥተሽ በክሩ ብቻ አንጠልጥይው። ዝም ብሎ መቆየት አለበት፤ እጅሽን ትንሽ ነቀነቅ ስታደርጊ ጥቂት ጣት ያህል ወርዶ ይቆም። ያለማቋረጥ ወደ መሬት ከወረደ ልል ነው፤ ቤቱ ላይ ያለችውን ትንሿን ብሎን በጣም በትንሹ ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው።

በቀላሉ የማይድነው ሌላ ነው። በአዲስ መርፌና በትክክል በገባ ክር፣ አሁንም ስፌት እየዘለለ ከሄደ፣ የላይኛውን ክር ከሥር የሚይዘው መንጠቆ አርጅቷል ወይም ከመርፌው ጋር ጊዜው አልገጠመም። መካኒክ ሊሞክረው ይችላል፤ ግን የችግሩን መጠን ሳታውቂ ብርሽን አትስጪ። መጨረሻ ላይ የጂንሱን እግር አራት እጥፍ አድርገሽ በ16 ቁጥር መርፌ ወፍራሙ መጋጠሚያ ላይ አሳልፊው። እዚያ ላይ መኪናው ቆሞ ቺንጋው ብቻ ከዞረ ቺንጋው ላልቷል። የቆዳ ቺንጋ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል። ትንሽ ቆርጦ በሽቦው መልሶ መግጠም ነው፤ ርካሽ ጥገና ነው፣ ዋጋ ለማስቀነሻም ይጠቅምሻል።

ቤት ካስገባሽው በኋላ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ተጠቀሚ። የምግብ ዘይት ይረጋና ውስጡን ያጣብቀዋል። ዘይት ባደረግሽ ቁጥር መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፊ፤ የሰው ነጭ ልብስ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ማየት የምትፈልጊ አይመስለኝም።

አሁን ምን ትሠፊያለሽ? እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ወዲያው ቀሚስ መስፋት ስለሚጀምር ነው። ቀሚስ ልኬት አለው፣ ጨርቅ አለው፣ «አልመቸኝም» አለው። ስድስት ወር ተምሮ ለቆየ እጅ ጥገና ይሻላል። መርካቶ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰፊዎች ፈጣን ናቸው፤ ሱሪ ማሳጠር ላይ በዋጋ አትታገያቸው። አንቺ ያለሽ እነሱ የሌላቸው ነገር ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ልብስ መለካት ነው። ብዙ ሴት በመንገድ ላይ በወንድ ሰፊ ፊት ልብሷን ለብሳ ቆማ መለካት አይመቻትም። ተገዝቶ የሚመጣ አባያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረዝሞ መሬት ይጠርጋል። በዚህ ከተማ ይሄ ሥራ አያልቅም።

አባያ ማሳጠር ቀላል ይመስላል። አይደለም። ጨርቁ ስስና የሚያንሸራትት ስለሆነ ያበላሽሻል። ደንበኛዋ ሁልጊዜ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ትቁም። ከትከሻ ወደ ታች አትለኪ፤ ከመሬት ወደ ላይ ለኪ። አንድ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ሊል ይችላል፣ ዳሌም ጨርቅ ይስባል። መሬት ግን ቀጥ ያለ ነው። ማስመሪያ ወለሉ ላይ አቁመሽ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ዙሪያውን በስፒል ምልክት አድርጊ። ተቀምጣ ተነስታ ትይው፤ «እዚህ ላይ ይሁን» ካለች በኋላ ብቻ በቀጭን የሳሙና ስባሪ መስመር አስምሪ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ለእጥፋት ትተሽ ቁረጪ። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

ጠርዙን መጀመሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ አንድ ተኩል እጠፊና ተኩሺው። 11 ቁጥር መርፌ ተጠቀሚ፤ ለሱሪ የምትጠቀሚበት ወፍራም መርፌ ስሱን ጨርቅ ይበሳዋል፣ ክሩንም ይመዝዘዋል። የላይኛውን ክር ትንሽ አላላ፤ ስፌቱን ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር አድርጊው። ስትሰፊ ጨርቁን ከኋላ አትጎትቺ፤ መኪናው ራሱ ይግፋው። አሁንም ከተሸበሸበ ከሥሩ ቀጭን ወረቀት አድርገሽ ከነወረቀቱ ስፊና ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለሽ ቅደጂው። ሁለት ሦስት ጊዜ የራስሽ ላይ ከተለማመድሽ፣ መለካቱንና ካውያውን ጨምሮ አንዱ አርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጅብሻል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ሦስት ብታደርሺ ሥራ ነው።

«አይሆንም» የምትይውንም እወቂ። ቲሸርትና የሚለጠጥ ሹራብ ቀጥ ባለ ስፌት ከሰፋሽው ሲለበስ ክሩ ይበጠሳል። ጠርዙ የሚተለተል ጨርቅ ከመጣ ኦቨርሎክ ያለው ቤት አስጠርዢና ሂሳቡን ዋጋሽ ውስጥ ጨምሪ።

አንድ ደብተር ያዢ። ስም፣ ምን እንደሚሠራ፣ የቀጠሮ ቀን፣ የተከፈለና የቀረ። ልብሱ ላይ ስሟን የጻፍሽበት ወረቀት በስፒል አያይዢ። ግማሹን ቀብድ ተቀበይ፤ የጎረቤት ልጅም ብትሆን። ኢድ ሲቃረብና መስከረም ላይ ዩኒፎርም ሲበዛ ከተወሰነ ቀን በኋላ ሥራ አልቀበልም በይ። ቀኑንም በር ላይ ለጥፊው። የኢድ ልብስ ከኢድ በኋላ ካስረከብሽ ያቺ ሴት ተመልሳ አትመጣም፤ እህቷም አትመጣም።

ስለ ኦቨኑ፦ ተዪው አላልኩም። በጎረቤትሽ ኦቨን በኪሎ ዋጋ አስልተሽ፣ የመብራቱንም ከፍለሻት፣ ለትዕዛዝ ብቻ ጋግሪ። ያንቺ ደብተር ላይ ሌላ ገጽ ክፈቺ። ማን አዘዘ፣ ስንት ከፈለ፣ ቦታ ወይም መብራት ጠፍቶ ስንቱን መለስሽ። የመለስሻቸው ትዕዛዞች በሦስት ተከታታይ ወር፣ ጾሙንም ጨምሮ፣ በየሳምንቱ ካሉ፣ ያኔ ኦቨኑን ከመኪናው ገቢ ግዢ። ከዚያ በፊት ግን ኤሌክትሪሺያን አምጥተሽ ከቆጣሪው እስከ ክፍልሽ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር እንዲዘረጋ ከአከራይሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ማን እንደሚከፍልም ተስማሙ። ምግብ ለሕዝብ ሲሸጥ የጤና ቁጥጥርም ይመጣል፤ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ስለ ፈቃዱ ጠይቂ። ለስፌቱም እዚያው ጠይቂ፣ በአንድ ጉዞ ይለቅልሽ።

ለአከራይሽ ደግሞ ከመኪናው በፊት ንገሪያት። ባለ እግር መኪና በሌሊት ድምፁ ወለል ያናውጣል። ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ አድርጊለት፤ መስኮት ሥር አስቀምጪው። ደመና ሲበዛ በአምፖል ጥቁር አባያ ላይ ጥቁር ክር ማየት ዓይን ያደክማል።